ሃያ አምስት ምት

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ በደቡብ ካሊፎርኒያ አንድ ትልቅ የበግ መንጋ አዲስ በተቆፈረና ዘይት በተረጨ የአፈር መንገድ ላይ አለፈ ይባላል። የመንገድ ሠራተኞቹ ሥራችን ተበላሸ ብለው ሲያዝኑ፣ በጎቹ የረገጡት አፈር በከባድ ብረት ከተዳመጠው ይልቅ ጠጥሮ አገኙት። ታሪኩ ሲነገር ሲነገር ተውቦ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ የተወለደው መሣሪያ ግን እውነተኛ ነው። በሎስ አንጀለስ አካባቢ የሚሠሩ የመንገድ ተቋራጮች በወፍራም የእንጨት ግንድ ዙሪያ የባቡር ሐዲድ ምስማሮች ቸንክረው በፈረስና በበቅሎ ያስጎትቱት ጀመር። እስከ ዛሬም መጠሪያው የበግ ኮቴ ሮለር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ሮለር ከለስላሳው ሮለር የሚለይበት ነገር አለ። ለስላሳው የአፈሩን ገጽ ያጠነክራል፤ ከሥር ያለው ግን ልል ሆኖ ሊቀር ይችላል። የበግ ኮቴው መጀመሪያ እስከ ንብርብሩ ወለል ይሰምጥና ከታች ያለውን አፈር ይጠቀጥቃል። በተመላለሰ ቁጥር ኮቴው የሚቆምበት አፈር እየጠነከረ ስለሚሄድ መስመጡ ይቀንሳል። በመጨረሻም ሮለሩ ጥፍሮቹን ብቻ እየነከረ በአፈሩ ላይ ይሄዳል። በዚያ ዘመን የሥራ ተቆጣጣሪዎች ዋና መፈተኛ ይኸው ነበር፤ ሮለሩ «ወጥቶ» ከሄደ ሥራው አልቋል ይሉ ነበር። ነገር ግን ሮለሩ በጣም ደረቅ በሆነ አፈር ላይም ወጥቶ ይሄዳል። ደረቅ አፈር ጓሉ ስለሚጠጥር ሮለሩን ይሸከማል፤ በጓሎቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ግን እንዳለ ይቀራል። ያ አፈር አንድ ቀን ውሃ ሲያገኘው ጓሎቹ ይሟሟሉ፣ ሙሌቱም ይሰምጣል።

በዚያው ዘመን ከነበሩት የግድብ አሠራሮች አንዱ ደግሞ ከዚህ በተቃራኒ ብዙ ውሃ ይጠቀም ነበር። አፈሩን በኃይለኛ የውሃ ግፊት ከተራራው ይሸረሽሩትና እንደ ጭቃ ወጥ በቦይ እያፈሰሱ ግድቡ ቦታ ላይ ያሰፍሩታል። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ብዙ ሮለርም አይጠይቅም። በ1918 መጋቢት ወር በሳን ፍራንሲስኮ አቅራቢያ በዚህ ዘዴ ይሠራ የነበረው የካላቬራስ ግድብ ገና ሳይጠናቀቅ በውሃ ማጠራቀሚያው በኩል ያለው ጎኑ ተንሸራቶ ወረደ። በመሐሉ የሰፈረው ደቃቅ ጭቃ ውሃው አልወጣለትምና ገና ፈሳሽ ሆኖ ጎኖቹን ይገፋ ነበር። መሐንዲሶቹ ፊት ሁለት ዳርቻዎች ቆሙ፦ እጅግ የደረቀውም እጅግ የራሰውም አፈር አይታመንም። በመካከላቸው ትክክለኛው ልክ የት እንደሆነ በቁጥር የሚናገር ግን አልነበረም።

ጥያቄውን ወደ ሎስ አንጀለስ ያመጣው የአፈር ሳይሆን የኮንክሪት ግድብ ነው። በ1928 መጋቢት 12 ሌሊት፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ሲቀረው፣ ከከተማዋ በስተሰሜን የነበረው የሴንት ፍራንሲስ ግድብ ፈረሰ። የከተማዋ የውኃ አገልግሎት ዋና መሐንዲስ ዊሊያም መልሆላንድ በዚያው ቀን ጠዋት ግድቡን አይተው አስጊ ነገር የለም ብለው ተመልሰው ነበር። ወደ 47 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚጠጋ ውሃ ሸለቆውን ጠርጎ እስከ ባሕር ወረደ፤ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። ጥፋቱ ከኮንክሪቱ ሳይሆን ግድቡ ከቆመበት ዐለት ነበር። በአንድ በኩል የነበረው ዐለት ጥንት ተንሸራቶ የቆመ መሬት ነው፤ በሌላው በኩል የነበረው ደግሞ ውሃ ሲነካው የሚፈርስ ነው። በቀጣዩ ዓመት የካሊፎርኒያ ግዛት ግድቦች ሁሉ በመንግሥት መሐንዲሶች እንዲመረመሩ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ።

ከተማዋ ግን ውሃውን የምታስቀምጥበት ቦታ ያስፈልጋት ነበር። ምትኩ ቡኬ በተባለ ሸለቆ ውስጥ እንዲሠራ ተወሰነ፤ የሚይዘውም ወደ 45 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው። ይህኛው በሮለር የተጠቀጠቀ የአፈር ግድብ ነበር፤ ሥራው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ተጀምሮ በ1934 አበቃ። በቦታው ከነበሩት የከተማዋ መሐንዲሶች አንዱ ራልፍ ፕሮክተር ይባላል። ፕሮክተር የተረከበው ሥራ ሸክሙ ቀላል አልነበረም። ሸለቆ ሙሉ ሬሳ የለቀመ ሕዝብ «ይኸኛውስ?» ብሎ በሚጠይቅበት ጊዜ፣ ግድቡ በየንብርብሩ በደንብ መጠቅጠቁን ማስረዳት ነበረበት። «ሮለሩ ወጥቶ ሄዷል» የሚለው መልስ ከእንግዲህ በቂ አይደለም።

ፕሮክተር ያደረገው ነገር ሲያዩት ቀላል ነው። ከአፈር ማውጫው ጉድጓድ ናሙና አመጣ፤ ወፍራሙን ጠጠር በወንፊት ለየ፤ የቀረውን አፈር ትንሽ ውሃ ረጭቶ አሸው። ከዚያም የአንድ ጫማ ኩብ 30ኛ እጅ በሚይዝ፣ ዛሬ ስንለካው 944 ሴንቲሜትር ኩብ በሚሆን የብረት ሲሊንደር ውስጥ በሦስት ንብርብር ጨመረው። እያንዳንዱን ንብርብር ሁለት ኪሎ ተኩል በሚመዝን መቀጥቀጫ 25 ጊዜ መታው። መቀጥቀጫው የሚወርድበት ከፍታ አንድ ጫማ፣ ማለትም 30 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ከአፉ የተረፈውን አፈር በቢላ ላጨ፣ መዘነ፤ ጥቂቱን ወስዶ በምድጃ አድርቆ ስንት ውሃ እንደነበረበት አወቀ። ከዚያ ጥቂት ውሃ ጨምሮ እንደገና ጀመረ። አምስት ስድስት ጊዜ እንዲህ አደረገ።

ጥበቡ ያለው ከዚህ በኋላ በመጣው ስሌት ላይ ነው። ፕሮክተር የሚያወዳድረው የእርጥቡን አፈር ክብደት አልነበረም። የውሃውን ክብደት ቀንሶ፣ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ስንት ደረቅ የአፈር ቅንጣት እንደገባ ብቻ ያይ ነበር። መሐንዲሶች ይህን ደረቅ እፍጋት ይሉታል። ውሃው እየጨመረ ሲሄድ ደረቅ እፍጋቱ መጀመሪያ ከፍ ይላል፤ አንድ ቦታ ላይ ጫፍ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ውሃ በተጨመረ ቁጥር ይወርዳል። በወረቀት ላይ ሲሳል የኮረብታ ቅርጽ ያለው መስመር ይሆናል። የኮረብታው ጫፍ ከፍተኛው ደረቅ እፍጋት ነው፤ ከጫፉ ሥር ያለው የውሃ መጠን ደግሞ በየሥራ ቦታው «ኦፕቲመም» የምንለው ተስማሚ እርጥበት ነው።

ኮረብታው ለምን ይመጣል? እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ያደገ ሰው ከሊጥ ጋር ቢያስተያየው አይሳሳትም። ደረቅ ዱቄት ምንም ቢጫኑት አይያያዝም፤ ትንሽ ውሃ ሲያገኝ ይታሻል፤ ውሃው ሲበዛ ግን መጫኑም ፋይዳ የለውም፣ ከእጅ ያመልጣል። አፈርም በደረቅነቱ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ይቆላለፋሉ፤ መቀጥቀጫው ይህን ትግል አያሸንፍም። ውሃ ሲጨመር ቅንጣቶቹ እየለሰለሱ ይንሸራተቱና ይቀራረባሉ፤ በመካከላቸው ያለው አየር እየተገፋ ይወጣል። ከጫፉ በኋላ ግን የቀረችው ጥቂት አየር በውሃ ተከብባ መውጫ ታጣለች። ከዚህ ወዲያ የሚጨመር ውሃ ቦታ የሚያገኘው ቅንጣቶቹን ገፍቶ በማራራቅ ነው። ውሃ ደግሞ በመቀጥቀጫ አይጨመቅም። ስለዚህ ያለልኩ የራሰን አፈር ሮለር ሲመላለስበት ቢውል አይጠጥርም።

ፕሮክተር ይህን ካወቀ በኋላ ሌላ ችግር ገጠመው። አፈርን በምድጃ አድርቆ እርጥበቱን መለካት ሰዓታት ይፈጃል፤ ሮለሩና አፈር ጫኙ ግን አይቆሙም። ለዚህ ብሎ አንድ መርፌ ሠራ። መርፌው ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ ቀጭን የብረት ዘንግ ነው፤ ላዩ ላይ የሚገፋውን ኃይል የሚያሳይ ስፕሪንግ አለው። በሲሊንደሩ ውስጥ በተጠቀጠቀው አፈር ላይ ተገፍቶ ምን ያህል ኃይል እንደጠየቀ ለእያንዳንዱ እርጥበት ይመዘገባል። ደረቁ አፈር ብዙ ኃይል ይጠይቃል፤ እርጥቡ በቀላሉ ያስገባል። ከዚያ በኋላ ተቆጣጣሪው ከጭነቱ አፈር ጥቂት ወስዶ በሲሊንደሩ ውስጥ በዚያው መንገድ ይጠቀጥቅና መርፌውን ገፍቶ ቁጥሩን ያነባል። አፈሩ ለመጠቅጠቅ ይበቃ ወይም አይበቃ እንደሆነ በጥቂት ደቂቃ ያውቃል። የመርፌው ጉድለት ጠጠር ነው፤ አንዲት ጠጠር ከገጠመችው ንባቡ ይዋሻል።

በ1933 ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም መጨረሻ ፕሮክተር ሥራውን «ኢንጂነሪንግ ኒውስ ሪከርድ» በተባለው ሳምንታዊ የመሐንዲሶች መጽሔት ላይ በአራት ተከታታይ ጽሑፎች አወጣው። የመንገድ መሐንዲሶች ወዲያው ተቀበሉት፤ የእነሱም ችግር ያው ነበርና። በ1938 የአሜሪካ ግዛቶች የመንገድ ባለሥልጣናት ማኅበር ቲ 99 በሚል ቁጥር ይፋዊ መመዘኛ አደረገው። በዚህ ጉዞ ላይ አንድ ነገር ተለወጠ። ፕሮክተር ራሱ የሚጠቀመው በእጅ ኃይል የሚመታ ጠንካራ ምት ነበር፤ መመዘኛው ግን መቀጥቀጫው ከታወቀ ከፍታ በራሱ ክብደት እንዲወድቅ አዘዘ። በዚህ መንገድ አዲስ አበባ ላይ የመታውና ሎስ አንጀለስ ላይ የመታው ሰው ተመሳሳይ ኃይል ይሰጣሉ። መመዘኛ ማለት ይኸው ነው።

ላብራቶሪው ልኩን ይናገራል፤ ሜዳው ልኩ ላይ መድረሱን የሚያረጋግጠው ግን ሌላ ፍተሻ ነው። በብዛት የተለመደው ሳንድ ኮን የሚባለው የአሸዋ ዘዴ ነው። አሠራሩን በአንድ ምሳሌ ላሳይ።

የአንድ ሙሌት አፈር በላብራቶሪ ተፈተነ እንበል። በ10 በመቶ እርጥበት ደረቅ እፍጋቱ በሴንቲሜትር ኩብ 1.66 ግራም ሆነ። በ13 በመቶ 1.74፣ በ16 በመቶ 1.79፣ በ19 በመቶ 1.72፣ በ22 በመቶ 1.63 ተገኘ። ጫፉ 1.79 ነው፤ ተስማሚው እርጥበት 16 በመቶ ነው። ውሉ ደግሞ ሜዳ ላይ የዚህ 95 በመቶ እንዲገኝ ያዛል።

ሮለሩ ሥራውን ሲጨርስ ቴክኒሺያኑ ይንበረከካል። መሐሉ ክብ ቀዳዳ ያለው የብረት ሰሌዳ በተደለደለው አፈር ላይ ያስቀምጣል። በቀዳዳው ልክ በመሮና በማንኪያ ንብርብሩን የሚያህል ጥልቀት ይቆፍራል። የሚወጣውን አፈር አንዲት ጓል ሳትወድቅ በላስቲክ ውስጥ ይሰበስባል፤ እርጥበቱ እንዳይተን አፉን ያስራል። ከዚያ በኋላ ደረቅ፣ ንጹሕ፣ እኩል መጠን ያለውን አሸዋ ከጠርሙሱ ወደ ጉድጓዱ ይለቀዋል። አሸዋው በላላ ሁኔታ ሲፈስ በአንድ ሴንቲሜትር ኩብ ስንት ግራም እንደሚሆን አስቀድሞ ታውቋል፤ በምሳሌያችን 1.40 ይሁን። ጉድጓዱን የሞላው አሸዋ 2,240 ግራም ከሆነ የጉድጓዱ መጠን 1,600 ሴንቲሜትር ኩብ ነው። የወጣው አፈር 3,184 ግራም ቢመዝን የእርጥቡ እፍጋት 1.99 ይሆናል። ናሙናው ሲደርቅ እርጥበቱ 16.4 በመቶ ሆነ። 1.99ን ለ1.164 ስናካፍል ደረቅ እፍጋቱ 1.71 ይመጣል። ይህ የ1.79 95.5 በመቶ ነው፤ ንብርብሩ አለፈ፤ ቀጣዩ ይፈስሳል።

ጥቂት ሜትሮች ርቆ ሌላ ጉድጓድ ተቆፈረ እንበል። የእርጥቡ እፍጋት እንደገና 1.99 ሆነ። ተቋራጩ «ያው ነው፣ አልፏል» ይላል። ናሙናው ግን 20 በመቶ ውሃ ይዟል። ስሌቱ ደረቅ እፍጋቱን 1.66 ያደርገዋል፤ ይህም 92.6 በመቶ ብቻ ነው። ሁለቱ ጉድጓዶች እኩል ይመዝናሉ፤ በሁለተኛው ውስጥ ግን የክብደቱን ጉድለት የሸፈነው ውሃ ነው። የፕሮክተር ግኝት በአንድ ስሌት ሲታይ ይህንን ይመስላል። መፍትሔው ሮለሩን ደጋግሞ ማስሄድ አይደለም። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ የተጫነ መኪና ሲያልፍ አፈሩ እንደ ስፖንጅ ፍራሽ ከጎማው ፊት ይነሣል፣ ከኋላው ይወርዳል። ያንን ንብርብር በግሬደር ጥርስ መፈልፈል፣ በፀሐይ ማድረቅ፣ እርጥበቱ ወደ 16 በመቶ ሲጠጋ እንደገና መጠቅጠቅ ብቻ ነው የሚያድነው።

የሳንድ ኮን ፍተሻም የራሱ ወጥመዶች አሉት። አሸዋው በሚፈስስበት ጊዜ አጠገቡ ሮለር ከተንቀጠቀጠ አሸዋው ይጠጋጋል፤ ከልኩ በላይ ይገባል፤ ጉድጓዱ ትልቅ መስሎ ንብርብሩ በስሕተት ይወድቃል። በጣም ለስላሳ አፈር ላይ ደግሞ የጉድጓዱ ግድግዳ ወደ ውስጥ ይጠብባል፤ አሸዋው ያንሳል፤ ደካማው ንብርብር ያልፋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ስሕተቱ ከጉድጓዱ ውጭ ሲሆን ነው። የአፈር ማውጫው ቦታ ተለውጦ የላብራቶሪው ቁጥር ሳይለወጥ ከቀረ የሚሰላው መቶኛ ትርጉም የለውም። ጠጠር የበዛበት አዲስ አፈር በአሮጌው 1.79 ሲለካ 104 ወይም 106 በመቶ ይመጣል። ልምድ የሌለው ሰው ይህን እንደ ታላቅ ውጤት ያየዋል፤ ልምድ ያለው ግን ወረቀቱን አስቀምጦ አዲስ ናሙና ወደ ላብራቶሪ ይልካል።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ለከባድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ማረፊያ መሥራት ነበረባቸው። የአውሮፕላኑ ጎማ የሚያሳርፈው ጭነት በ1930ዎቹ ከነበሩት መኪናዎች በእጅጉ ይበልጣል። በፕሮክተር ልክ የተጠቀጠቀ መሬት ከጎማው ሥር እንደገና እየጠነከረ ይሰምጥ ነበር። ስለዚህ ፍተሻውን አከበዱት፦ መቀጥቀጫው አራት ኪሎ ተኩል፣ የሚወድቅበት ከፍታ 46 ሴንቲሜትር ያህል፣ ንብርብሩ አምስት። ለአንድ ሜትር ኩብ አፈር የሚሰጠው ኃይል ከቀድሞው አራት እጥፍ ተኩል ሆነ። ይህ በእኛም የሥራ ቦታዎች «ሞዲፋይድ» የሚባለው ነው። በዚህ ፍተሻ የኮረብታው ጫፍ ወደ ላይና ወደ ግራ ይሄዳል፦ እፍጋቱ ይጨምራል፣ ተስማሚው እርጥበት ይቀንሳል። ስለዚህ «95 በመቶ ደርሷል» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የየትኛው 95?» የሚለው ነው።

በ1951 የኢትዮጵያ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም ሥራውን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመሩት ከአሜሪካ የሕዝብ መንገዶች ቢሮ የመጡ መሐንዲሶች ነበሩ። የአሜሪካ የመንገድ መመዘኛዎች ከአገራችን የመንገድ ሥራ ጋር ያላቸው ትስስር ከዚያ ዘመን ይጀምራል። ዛሬም በየመንገዱ ዳር ቴክኒሺያኑ ሰሌዳውን አንጥፎ ገረጋንቲውን ሲቆፍር የምናየው ይኸንኑ ልምድ ነው። በአንድ ነገር ግን የኢትዮጵያ መሬት የራሱን ትምህርት ይሰጣል። ጥቁሩ መረሬ ደረቅ ሳለ በከባድ ኃይል ቢጠቀጠቅ ከፍተኛ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል፤ ክረምት ሲገባ ግን ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ የሚያብጠውም ይበልጥ በደረቀና በጠጠረ መጠን ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ አፈር ከፍተኛ እፍጋት ድል አይደለም። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ መረሬው ተቆርጦ ይወጣና በተመረጠ አፈር ይተካል።

በ1950ዎቹ መጨረሻ ይህን የሚያብራራ ምርምር ተሠራ። ዊሊያም ላምብ የተባሉ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮፌሰር በ1958 ባወጡት ጥናት ከኮረብታው ጫፍ በስተግራ፣ በደረቁ በኩል የተጠቀጠቀ ሸክላ አፈርና በስተቀኝ፣ በእርጥቡ በኩል የተጠቀጠቀው ውስጣቸው እንደሚለያይ አሳዩ። በደረቁ በኩል ቅንጣቶቹ ያለ ሥርዓት ተደጋግፈው ይቆማሉ፤ አፈሩ ጠንካራና ግትር ነው፣ ውሃ ግን በቀላሉ ያሳልፋል፣ ሲጎብጥም ይሰነጠቃል። በእርጥቡ በኩል ቅንጣቶቹ ጎን ለጎን ይተኛሉ፤ አፈሩ ይለሰልሳል፣ ውሃ ማሳለፉም በእጅጉ ይቀንሳል። ሁለቱ በደረቅ እፍጋት እኩል ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ለግድብ እምብርት የሚጻፍ ውል እፍጋቱን ብቻ ሳይሆን እርጥበቱም ከተስማሚው ስንት በመቶ ወዲያና ወዲህ መሆን እንዳለበት ሊያዝ ይገባል። በእነዚሁ ዓመታት ራዲዮአክቲቭ ምንጭ ያለው፣ እፍጋትንና እርጥበትን በጥቂት ደቂቃ የሚያነብ መሣሪያም ሥራ ላይ መዋል ጀመረ። ፈጣን ነው፤ ነገር ግን አፈሩ በተፈጥሮው ሃይድሮጅን ያለው ማዕድን ከያዘ እርጥበቱን አብዝቶ ይናገራልና በምድጃ ከደረቀ ናሙና ጋር መመሳከር አለበት።

ታሪኩ ወደ ሎስ አንጀለስ የሚመለሰው በ1963 ነው። ፕሮክተር ከቡኬ በኋላ በከተማዋ ውስጥ ባልድዊን ሂልስ በተባለ ኮረብታ አናት ላይ ሌላ የአፈር ግድብ ነድፎ ነበር፤ በ1951 ሥራ ጀመረ። ግድቡ ከሥሩ የፍሳሽ መሰብሰቢያ፣ የሸክላ ንጣፍና የአስፋልት ልባስ ነበረው። ታኅሣሥ 14 ቀን 1963 ከረፋዱ አምስት ሰዓት አልፎ ጠባቂው ከፍሳሽ ቱቦው ያልተለመደ የውሃ ድምፅ ሰማ። ውሃውን ለማውረድ ተሞከረ፤ ፖሊሶች ከታች ያሉትን ቤቶች እያንኳኩ ሰው አስወጡ። ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አልፎ ግድቡ ተከፈለና ውሃው መንደሩን ጠረገው። አምስት ሰዎች ሞቱ፤ ሕዝቡ ፈጥኖ ባይወጣ ቁጥሩ እጅግ ይከፋ ነበር።

ምርመራው የሙሌቱን አጠቃቀጥ አልከሰሰም። ከግድቡ ሥር የምድር ስንጥቅ ያልፍ ነበር፤ በአጠገቡ ካለው የነዳጅ ማውጫ የተነሣ መሬቱ ለዓመታት ሲሰጥምና ሲንቀሳቀስ ቆይቷል። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ያለው መሬት እኩል አልወረደም፤ ንጣፉ ተቀደደ፤ ውሃው በቅዳጁ ገብቶ አፈሩን ከሥር በላው። በሳንድ ኮን የተቆፈረ ጉድጓድ ያንን ሊያይ አይችልም ነበር፤ እሱ የሚያውቀው የተቆፈረበትን ንብርብር ብቻ ነው።

ከ12 ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ፣ በ1976 ሰኔ 5፣ በአይዳሆ ግዛት 93 ሜትር ከፍታ የነበረው የቴቶን ግድብ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞላ ፈረሰ። አሥራ አንድ ሰዎች ሞቱ። እምብርቱ ነፋስ ካመጣው ደቃቅ አፈር የተሠራ ሲሆን ከተስማሚው እርጥበት በትንሹ በደረቁ በኩል ተጠቅጥቆ ነበር። አፈሩ ግትርና በቀላሉ የሚሰነጠቅ ሆነ፤ ከጎኑ ያለው ዐለትም ስንጥቆቹ በሙሉ አልተደፈኑም ነበር። ውሃ በስንጥቁ ገባ፣ ደቃቁን አፈር ይዞ ወጣ፣ ቀዳዳውን አሰፋ። የእፍጋት ቁጥሩ ጥሩ የሆነ አፈር እርጥበቱና ዓይነቱ ካልታየ ለውሃ ምን ያህል ተጋላጭ እንደሆነ ቴቶን በአንድ ቀን አሳየ።

እነዚህ ሁለት ውድቀቶች የፕሮክተርን ፍተሻ አልሻሩትም፤ ወሰኑን አሳዩ። በ25 ምት የተገኘው ቁጥር የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ አፈር፣ በዚህ ውሃ፣ በዚህ ኃይል፣ የሚቻለውን ያህል ተጠቅጥቋልን? ከሥሩ ያለው መሬት ይንቀሳቀስ እንደሆነ፣ አፈሩ ያብጥ ወይም ይሰነጠቅ እንደሆነ፣ ውሃ ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ አይመልስም። እነዚህን ሌላ ምርመራ ይመልሳቸዋል፤ እነሱን ጥሎ የመቶኛውን ቁጥር ብቻ የያዘ ሰው ግድቡን አላወቀውም።

ስለዚህ የፍተሻ ወረቀት ለምትፈርሙ ባልደረቦቼ የምለው ይህ ነው። ከመቶኛው ጎን የእርጥበቱን ቁጥር ሳታዩ አትፈርሙ፤ የላብራቶሪው ናሙና ከየትኛው የአፈር ማውጫ እንደመጣ ሳትጠይቁ አትፈርሙ፤ 95 የተባለው የመደበኛው ይሁን የሞዲፋይድ ሳትለዩ አትፈርሙ። ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ አሸዋው ፈስሶ፣ ናሙናው ደርቆ እስኪመዘን ድረስ ቀጣዩ ጭነት ይጠብቅ። የተሸፈነ ንብርብር ተመልሶ አይጠየቅም።